ሸሪኩ ወጣ፤ ፊርማውስ?

ባንክ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠችው ገንዘብ ከፋይ የድርጅቱን ባለቤቶች ላታውቃቸው ትችላለች። ትናንት ተጣልተው ይሁን፣ ዛሬ ጠዋት ሒሳባቸውን ተሳስበው በሰላም ተለያይተው ይሁን፣ እሷ ዘንድ የሚደርስ ወሬ የለም። ቼኩን ትቀበላለች፤ ፊርማውን ኮምፒውተሯ ላይ ከሚታየው የፊርማ ናሙና ጋር ታስተያያለች፤ ከተመሳሰለና ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ካለ ትከፍላለች። ከድርጅቱ ከወጣ ወራት ያለፉት ሰው የፈረመው ቼክ ቢሆንም ትከፍላለች። በዚህም ጥፋተኛ አይደለችም። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሰው አሁንም እሱ ነው።

ሸሪኮች ሲለያዩ ብዙ የሚጨነቁት ስለ ድርሻው ዋጋ፣ ስለ ማሽኑና ስለ መኪናው፣ ስለ ያልተሰበሰበው ዱቤ ነው። ለባንክ የሚጻፈው የአንድ ገጽ ደብዳቤ «እሱ በኋላ ይደርሳል» ተብሎ ይተዋል። የእኔ ሐሳብ ግን ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት እሱ ነው፣ የሚጻፈውም ወጪው ሰው የድርሻውን ገንዘብ ተቀብሎ ሳይሄድ ነው።

በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚያመርት አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። አባላቱ ሁለት ናቸው። ስልሳ በመቶ ድርሻ ያላት ወይዘሮ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ አርባ በመቶ ያለው ሸሪኳ ምክትል ነው። ሒሳቡን የከፈቱት በመተማመን ስለነበር የባንኩ ቅጽ ላይ «ከሁለቱ በአንዳቸው ፊርማ ይንቀሳቀስ» ብለው ሞልተዋል። አንዱ ገጠር እንጨት ሊገዛ ሲሄድ ሌላው ደመወዝ እንዲከፍል ያመቻል፤ ለዓመታትም ሠርቶላቸዋል። አሁን ሸሪኩ ድርሻውን ለወይዘሮዋ ወንድም ሸጦ ሊወጣ ተስማምቷል። ጠብ የለም፤ ቡና ተጠጥቶ ነው የተለያዩት።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን እንከተል። የድርሻ ሽያጩ ውል ተጽፎ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት መረጋገጥ አለበት። እዚያ ከመድረሱ በፊት ግን ከሽያጩ የሚመጣው የግብር ጉዳይ ተጣርቶ ከገቢዎች ክሊራንስ ይመጣል። ከዚያ ማሻሻያው ንግድ ቢሮ ቀርቦ በንግድ መዝገብ ይገባል። በዚህ መሐል የአንድ ሰው ስም በመታወቂያው ላይና በመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በአንድ ፊደል ቢለያይ ሌላ ምልልስ ይጨመራል። ሥራው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ወይዘሮዋ «ሁሉም ሲያልቅ የተሟላ ሰነድ ይዤ ባንክ እሄዳለሁ» ብላ ከጠበቀች፣ በእነዚያ ወራት ሁሉ የወጣው ሰው ብቻውን ፈርሞ የድርጅቱን ሒሳብ ባዶ የማድረግ ሥልጣን አለው። ባያደርገውም ሥልጣኑ አለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ባለድርሻ መሆንና በሒሳብ ላይ መፈረም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምንም ድርሻ የሌለው ተቀጣሪ የፋይናንስ ኃላፊ የድርጅትን ቼክ ሊፈርም ይችላል፤ ግማሹን ድርሻ የያዘ ባለቤት ደግሞ ላይፈርም ይችላል። የመፈረም ሥልጣን ድርጅቱ የሚሰጠውና የሚያነሣው ነው። ስለዚህ የድርሻው ዝውውር እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። አባላቱ በአንድ ስብሰባ፣ ምክትሉ ከዚህ ቀን ጀምሮ በባንክ ሒሳብ ላይ የመፈረም ሥልጣኑ እንደተነሣ ይወስናሉ፤ ቃለ ጉባኤው ተረጋግጦ ባንክ ይገባል። ድርሻው በራሱ መንገድና በራሱ ጊዜ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታየት አለበት። አንዳንድ መመሥረቻ ጽሑፎች «ቼክ የሚፈርሙት ሥራ አስኪያጁና ምክትል ሥራ አስኪያጁ ናቸው» ብለው በስም ጭምር ያስቀምጣሉ። እንዲህ ከሆነ ቃለ ጉባኤው ፈራሚውን ብቻ ሳይሆን ያንን አንቀጽ ጭምር ማሻሻል አለበት፤ ማሻሻያውም መመዝገብ ይኖርበታል። የባንኩ የሕግ ክፍል የሚያነበው ይህንን ነው። ቃለ ጉባኤውን «ምክትል ሥራ አስኪያጁ ከኃላፊነታቸው ተነሥተዋል» ብሎ ጽፎ ስለ ባንክ ፊርማ ምንም ሳይል የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከኃላፊነት መነሣትና ከፈራሚነት መነሣት ለእኛ አንድ ቢመስሉም ለባንኩ አንድ አይደሉም። ቃለ ጉባኤው የባንኩን ስም፣ የሒሳቡን ቁጥር፣ የሚወጣውንና የሚተካውን ፈራሚ ከነ ሙሉ ስማቸው ሊጠራ ይገባል።

ደብዳቤው ራሱ ረጅም አይደለም። ለምሳሌያችን ድርጅት እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፤ ነጥቦቹ ባሉበት የራስን መሙላት ነው።

ቀን … ቁጥር …
ለ … ባንክ፣ … ቅርንጫፍ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሒሳብ ፈራሚ ለውጥን ይመለከታል

ድርጅታችን … ኃ/የተ/የግ/ማኅበር በባንካችሁ የሒሳብ ቁጥር … ተንቀሳቃሽ ሒሳብ እንዳለው ይታወቃል። ይህ ሒሳብ እስካሁን በወ/ሮ … ወይም በአቶ … በአንዳቸው ፊርማ ሲንቀሳቀስ ቆይቷል።

የማኅበሩ አባላት በቀን … ባደረጉት ስብሰባ፣ በቁጥር … ተረጋግጦ በተመዘገበው ቃለ ጉባኤ መሠረት፣ አቶ … በዚህና ድርጅታችን በባንካችሁ ባሉት ሌሎች ሒሳቦች ሁሉ ላይ ያላቸው የመፈረም ሥልጣን ይህ ደብዳቤ ለባንኩ ከደረሰበት ቀንና ሰዓት ጀምሮ የተነሣ መሆኑን እናሳውቃለን። የፊርማ ናሙናቸውም ከባንኩ መዝገብ እንዲወጣ እንጠይቃለን።

በምትካቸው አቶ … የተሾሙ ሲሆን፣ ከእንግዲህ ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በወ/ሮ … እና በአቶ … በሁለቱ ጣምራ ፊርማ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ቀን በፊት በአቶ … ፊርማ ወጥተው እስካሁን ያልቀረቡት ቼኮች ቁጥር …፣ ለ … የተጻፈ፣ ብር 180,000 እና ቁጥር …፣ ለ … የተጻፈ፣ ብር 42,500 ናቸው። እነዚህ ሁለቱ ሲቀርቡ እንዲከፈሉ እንፈቅዳለን። ከእነዚህ ውጪ በአቶ … ፊርማ የሚቀርብ ቼክ እንዳይከፈል እንጠይቃለን። ያልተጻፈባቸው የቼክ ቅጠሎች ከቁጥር … እስከ ቁጥር … ከዚህ ጋር ተመላሽ ተደርገዋል።

አቶ … በድርጅታችን ስም በኢንተርኔትና በሞባይል ባንኪንግ ያላቸው የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዲዘጋ፣ ስለ ሒሳቡ መልእክት የሚደርስበት ስልክ ቁጥርም ወደ … እንዲቀየር እንጠይቃለን።

ለውጡ ተፈጽሞ ሲያበቃ ማረጋገጫውን በጽሑፍ እንድትሰጡን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
(የሥራ አስኪያጅዋ ስም፣ ፊርማ፣ የድርጅቱ ማኅተም)
(የአቶ … ፊርማ፣ ለውጡን ማወቃቸውን ለማረጋገጥ)

ይህ የተለመደ ደብዳቤ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዳንዱ ቃል የተቀመጠበት ምክንያት አለው።

«ወይም» የነበረው «እና» ሆኗል። ደብዳቤው ይህን በግልጽ ካላለ ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ደብዳቤዎች «አዲሱን አባል በፈራሚነት እንድትመዘግቡልን» ብለው ያበቃሉ። የባንኩ ሠራተኛም የተጠየቀውን ያደርጋል፤ አዲሱን ይጨምራል። አሮጌውን አውጡ ያለው ማንም ስለሌለ አያወጣውም። አሁን ሒሳቡ ሦስት ፈራሚ አለው፤ የድሮው መመሪያ «በአንዳቸው» ስለሚል ሦስቱም እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ማውጣት ይችላሉ። ወይዘሮዋ ደብዳቤ ጽፋለች፣ ተቀባይነት አግኝታለች፣ ግን ከበፊቱ የባሰ ቦታ ላይ ናት። መጨመርና መተካት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ስለዚህ ደብዳቤው ሦስት ነገር በተናጠል መናገር አለበት፦ ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚገባ፣ ከእንግዲህ ፊርማው በጣምራ ይሁን በተናጠል።

«ለባንኩ ከደረሰበት ቀንና ሰዓት ጀምሮ» የሚለውም በከንቱ አልገባም። በምሳሌያችን ሦስት ቀኖች አሉ፦ ሸሪኮቹ የተስማሙበት፣ ቃለ ጉባኤው የተረጋገጠበትና ባንኩ ደብዳቤውን የተቀበለበት። ክርክር ቢነሣ ድርጅቱና ባንኩ የሚቆጥሩት ሦስተኛውን ነው። ባንኩ ሳያውቅ ለከፈለው ድርጅቱ ባንኩን ሊጠይቅ ይቸገራል፤ ካወቀ በኋላ በተሻረ ፊርማ ለከፈለው ግን ጥያቄው ወደ ባንኩ ይዞራል። ይህንን የሚያስረዳው ደብዳቤው ሳይሆን በቅጂው ላይ ያለው «ደርሷል» የሚለው ማኅተም ከነ ቀኑና ከነ ተቀባዩ ፊርማ ነው። ለምናውቀው ማናጀር እጅ በእጅ ሰጥቶ መሄድ ወዳጅነት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ይግባ።

የወጪው ሸሪክ ፊርማ ደብዳቤው ግርጌ ላይ መኖሩ ሕጋዊ ግዴታ አይደለም፤ ቃለ ጉባኤው ይበቃል። እኔ ግን በሰላም በሚለያዩ ሰዎች ዘንድ ይህ ፊርማ ባይቀር እላለሁ። ባንኩ ፋይሉ ውስጥ ካለው ናሙና ጋር አስተያይቶ «ራሱ ያውቃል» ብሎ ያለ ማመንታት ይፈጽመዋል። ሒሳቡ ከመጀመሪያው በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይህ ፊርማ የበለጠ ያስፈልግ ነበር። ጣምራ ሒሳብ ላይ ወጪው ሰው ብቻውን ምንም ሊያወጣ አይችልም፤ ያለ እሱም ማንም ምንም ሊያወጣ አይችልም። ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ደርሶ አንደኛው ፈራሚ ስልኩን ዘግቶ ከሄደ ድርጅቱ ገንዘብ እያለው ባዶ እጁን ይቀራል።

አሁን ወደ ቼኮቹ እንመለስ፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ትኩረት የሚፈልግ ነው። ሸሪኩ ሥልጣን በነበረው ጊዜ የፈረመው ቼክ እሱ ስለወጣ ዋጋ አያጣም። ድርጅቱ ያወጣው ቼክ ነው፤ ዕዳውም የድርጅቱ ነው። ገንዘብ ከፋይዋ ግን ይህንን አታይም። ናሙናው ከመዝገብ በወጣ ማግስት ቼኩ ሲቀርብላት የምታየው ማንነቱ የማይታወቅ ፊርማ ስለሆነ ቼኩን ትመልሰዋለች። እንጨት አቅራቢው 180,000 ብሩን አጥቶ ይመለሳል፤ ቀጥሎ የሚደውለው ደግሞ ለፈረመለት ሰው ነው። የቼኮቹ ቁጥርና መጠን ደብዳቤው ውስጥ አንድ በአንድ መዘርዘሩ ለዚህ ነው።

በአገራችን ቼክን ለዋስትና መስጠት የተለመደ ነው። «ከሦስት ወር በኋላ አስገባው» ተብሎ የወደፊት ቀን ተጽፎበት ይሰጣል። ሕጉ ግን ቼክን የሚያየው ሲቀርብ ወዲያው እንደሚከፈል ሰነድ ነው፤ የተጻፈበት ቀን ሳይደርስ ቢቀርብም ያው ነው። ሸሪኩ ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለ ቼክ ቀርቦ በሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ባይኖር ጣጣው የድርጅቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ማውጣትን ወንጀል አድርጎታል፤ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠራውም ፈራሚውን ነው። ከድርጅቱ የወጣ፣ ሒሳቡ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት የማይችል፣ ገንዘብም ማስገባት የማይችል ሰው ስለዚያ ሒሳብ ቃሉን እንዲሰጥ ይጠራል። ስለዚህ ለዋስትና የወጡ ቼኮች ካሉ ባንኩን «ክፈል» ከማለት የሚሻለው ባለገንዘቡ ዘንድ ሄዶ አሮጌውን ቼክ ተቀብሎ በአዲሶቹ ፊርማ ሌላ መስጠት ነው። የተመለሰው ቼክ ተሰርዞ ይቀመጣል፤ ቅጂው ለወጪው ሸሪክ ይሰጠዋል። እንዲህ ሲታይ ደብዳቤው የሚቀረውን ብቻ ሳይሆን የሚሄደውንም ይጠብቃል። ወጪው ሰው «ደርሷል» የተባለበትን ቅጂ ሳይዝ እንዳይሄድ እመክራለሁ።

የቼክ ደብተሩም መቆጠር አለበት። የተቀደዱትን ከቀሪው ግንድ ጋር አመሳክሮ፣ ያልተጻፈባቸውን ቅጠሎች በቁጥር መያዝ ነው። አንድ ቅጠል ከጠፋ፣ ወይም ወጪው ሰው «መኪናዬ ውስጥ ነበር፣ አላገኘሁትም» ካለ፣ ቁጥሩ ተጠቅሶ ክፍያው እንዲታገድ በዚያው ደብዳቤ ይጠየቃል።

ባንኩ ከደብዳቤው ጋር የሚጠይቀው ሰነድ ከባንክ ባንክ ቢለያይም ብዙ አይርቅም፦ የተረጋገጠው ቃለ ጉባኤ፣ መመሥረቻ ጽሑፉና ማሻሻያው፣ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የአዲሱ ፈራሚ መታወቂያ፣ ብዙ ጊዜም የፋይዳ ቁጥሩ፣ ጉርድ ፎቶግራፍና በባንኩ ሠራተኛ ፊት የሚፈረም አዲስ የናሙና ካርድ። ባንኮች ደንበኛቸውን የማወቅ ግዴታ በሕግ ስላለባቸው አዲሱን ሰው ልክ አዲስ ሒሳብ እንደሚከፍት ሰው ያዩታል። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያዘገየው ያልታደሰ ንግድ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ያለፈበት ድርጅት አሮጌውን ሰው ማስወጣት ራሱ ሊቸግረው ይችላል።

ጠብ ካለስ? ይህ ሌላ ታሪክ ነው። የሚቀረው አባል ቃለ ጉባኤ ይዞ «ፈራሚውን ቀይሩ» ሲል፣ ወጪው ደግሞ «ስብሰባው ሕጋዊ አይደለም፣ አትቀይሩ» የሚል ደብዳቤ ያስገባል። ባንኩ ዳኛ መሆን አይፈልግም። ሁለት የሚጋጩ ደብዳቤዎች ሲደርሱት የሚያደርገው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪመጣ ወጪውን ያቆማል። እግድ የጠየቀው ማንም ይሁን ማን ሠራተኛውም አቅራቢውም ይጎዳሉ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጠረጠር ከሆነ ደብዳቤውን የድርሻ ሽያጩ ዋጋ ማስከፈያ ማድረግ ይቻላል። ስምምነቱ ላይ «ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው ወጪው አባል የፈረመበትና ባንኩ የተቀበለው የፈራሚ ለውጥ ደብዳቤ ሲቀርብ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ሰው ገንዘቡን ለመቀበል ሲል ራሱ ባንክ ድረስ ይሄዳል።

ሸሪኩ አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆኖ ድርሻውን የሚሸጥ ከሆነ በውክልና ያስፈጽማል። ውክልናው በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይረጋገጣል፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። እዚህም «ድርሻዬን እንዲሸጥልኝ» ብቻ ብሎ የተሰጠ ውክልና በቃለ ጉባኤ ላይ ድምፅ ለመስጠትና ስለ ባንክ ፊርማ ለመወሰን አያገለግልም ተብሎ ሊመለስ ስለሚችል ይህም በግልጽ ይጻፍበት። ሸሪኩ ራሱ ቀድሞ ለሦስተኛ ሰው በድርጅቱ ስም የሚንቀሳቀስበት ውክልና ሰጥቶ ከነበረ ደግሞ ያ ለብቻው መሻር አለበት፤ መሻሪያውም ለባንኩ ይድረሰው።

ባንኩ «ተቀይሯል» ካለ በኋላ በቃል መልስ ብቻ አለመርካት ደግ ነው። ካርዱ ተሞልቶ ፋይል ውስጥ ገብቶ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ምስል ግን ሳይቀየር የሚቆይበት ጊዜ አለ። ዛሬ ገንዘብ ከየትኛውም ቅርንጫፍ ስለሚወጣ ሌላ ሰፈር ያለችው ከፋይ የምታየው ምስሉን ብቻ ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ የጽሑፍ ማረጋገጫው ላይ የፈራሚዎቹ ስም ዝርዝርና የአፈራረሙ ሁኔታ እንዲጻፍ መጠየቅ፣ ከዚያም በአዲሱ ጣምራ ፊርማ አነስተኛ ቼክ ጽፎ በሌላ ቅርንጫፍ ማስመንዘር። ከከፈሉ አዲሱ ገብቷል ማለት ነው፤ አሮጌው መውጣቱን ግን የሚነግረን የስም ዝርዝሩ ብቻ ነው።

በመጨረሻ፣ ድርጅቱ ከባንኩ ብድር ካለው የፈራሚ ለውጥ ደብዳቤ የብድሩን ነገር አይነካውም። ሸሪኩ ለብድሩ በግሉ ዋስ ሆኖ ወይም ቤቱን አስይዞ ከነበረ ፊርማው ከቼክ ላይ ቢነሣም ዋስትናው ባለበት ይቆያል። ከዚያ የሚያወጣው ባንኩ ብቻ ነው፤ ባንኩም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ምትክ ዋስ ነው። አንዳንድ የብድር ውሎች ድርሻ ከመዛወሩ በፊት ባንኩ እንዲያውቅ ወይም እንዲፈቅድ ስለሚያስገድዱ፣ ወይዘሮዋ ደብዳቤውን ወደ ቅርንጫፉ ከመውሰዷ በፊት የብድር ውሉን አውጥታ ብታነብ፣ ሸሪኳም ስለ ዋስትናው የሚለይ ሁለተኛ ደብዳቤ በራሱ ስም ቢያስገባ ይሻላል።